ርካሹን መስመር አስቀድሞ መምረጥ

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ አካል በሆነችው በሞራቪያ ከተሞችንና መንደሮችን በኤሌክትሪክ መስመር የማገናኘት ሥራ ተይዞ ነበር። በምዕራብ ሞራቪያ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው ለሒሳብ ሊቁ ወዳጁ ለኦታካር ቦሩቭካ አንድ ጥያቄ አቀረበለት። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። ሁሉንም ቦታዎች የሚያዳርስ፣ በጠቅላላው ግን ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ሽቦ የሚፈጅ ዝርጋታ የትኛው ነው? ቦሩቭካ መልሱን በ1926 በቼክ ቋንቋ አሳተመ።

ከ28 ዓመት በኋላ የዚያ ጽሑፍ የጀርመንኛ ማጠቃለያ በታይፕ ተመትቶ፣ በሁለት ስስ ወረቀት ላይ፣ በአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍል ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ጆሴፍ ክሩስካል በ1954 የዶክትሬት ትምህርቱን በጨረሰ በወራት ውስጥ ወረቀቱ እጁ ገባ። ሐሳቡን ወደደው፤ የቦሩቭካ አካሄድ ግን ከሚያስፈልገው በላይ የተወሳሰበ መሰለው። በ1956 የራሱን መንገድ በሦስት ገጽ ጽፎ አወጣ። ዛሬ በየኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉ «የክሩስካል አልጎሪዝም» እየተባለ የሚሰጠው ይኸው ነው።

የክሩስካል መንገድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል። መስመሮቹን ከርካሹ ወደ ውዱ ደርድር፣ ከላይ ጀምረህ አንድ በአንድ ውሰድ፣ ዙር የሚፈጥረውን ግን ዝለል። ከዚህ ውስጥ መደርደሩም መውሰዱም ማንንም አያስቸግርም። ኮምፒውተርን የሚያስቸግረው «ዙር የሚፈጥረውን ዝለል» የምትለዋ ትንሽ ትእዛዝ ናት፤ ለእርሷ አጥጋቢ መፍትሔ እስኪገኝም ዓመታት አልፈዋል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ሰባት መንደሮችን እናስብ፤ ስማቸውን ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ እና በ እንበላቸው። ቀያሾች አሥራ አንድ መስመር መዘርጋት እንደሚቻል ለክተው አምጥተዋል፤ ቁጥሩ ርቀት ነው፣ በኪሎ ሜትር። ከመ እስከ ለ 2፣ ከቀ እስከ ሰ 3፣ ከሀ እስከ ለ 4፣ ከሀ እስከ መ 5፣ ከረ እስከ ሰ 6፣ ከረ እስከ ቀ 7፣ ከመ እስከ ረ 8፣ ከለ እስከ ሰ 9፣ ከመ እስከ በ 10፣ ከቀ እስከ በ 12፣ ከሀ እስከ በ 13። ሁሉም ይዘርጋ ቢባል 79 ኪሎ ሜትር ሽቦ ይፈጃል።

ሁሉም ግን አያስፈልግም። ሰባት መንደሮችን ለማገናኘት ስድስት መስመር ይበቃል። በመጀመሪያ ሰባቱም ለየብቻቸው የቆሙ ሰባት ቡድኖች ናቸው፤ ሁለት ቡድኖችን የሚያገናኝ እያንዳንዱ መስመር የቡድኖቹን ቁጥር በአንድ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከሰባት ወደ አንድ ለመድረስ ስድስት መስመር የግድ ነው። ሰባተኛ መስመር ከተጨመረ ቀድሞውኑ በተገናኙ መንደሮች መካከል ነው የሚገባው፤ ዙር ይፈጥራል፣ ሽቦም ያባክናል። ዙር የሌለው፣ ሁሉን የሚያዳርስ እንዲህ ያለ መረብ በሙያው ዛፍ ይባላል። ከእነዚህ ዛፎች ሁሉ ጠቅላላ ርዝመቱ ያነሰው ደግሞ ሚኒመም ስፓኒንግ ትሪ ነው።

ሁሉንም አማራጭ እየደመሩ ማወዳደር ለምን አይሆንም? ለሰባት መንደር ይሆናል። ከአሥራ አንዱ መስመር ስድስቱን መምረጥ የሚቻለው በ462 መንገድ ነው፤ አንድ ታጋሽ ሰው በወረቀት ሊጨርሰው ይችላል። መንደሮቹ ሃያ ቢሆኑና ሁሉም ከሁሉም ጋር መገናኘት ቢችሉ ግን ሊሠሩ የሚችሉት ዛፎች ቁጥር ባለ 24 አሃዝ ይሆናል፤ ለዚያ የኮምፒውተርም ዕድሜ አይበቃ።

ወደ ክሩስካል እንመለስ። መስመሮቹ ከላይ የተዘረዘሩት ተደርድረው ነው። የመጀመሪያው መ–ለ በ2 ኪሎ ሜትር ተወሰደ። ቀ–ሰ በ3 ተወሰደ። ሀ–ለ በ4 ተወሰደ። አራተኛው ሀ–መ ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ያጓጓል። ነገር ግን ሀ ከለ ጋር፣ ለ ደግሞ ከመ ጋር ተገናኝተዋል፤ ሀ እና መ በለ በኩል ከተገናኙ ቆይተዋል። ስለዚህ ተዘለለ። ረ–ሰ በ6 ተወሰደ። ረ–ቀ በተመሳሳይ ምክንያት ተዘለለ። መ–ረ በ8 ሲወሰድ እስካሁን ተለያይተው የነበሩት ሁለት ባለ ሦስት መንደር ቡድኖች አንድ ሆኑ። ለ–ሰ ቢመጣ ጊዜው አልፎበታል፤ ተዘለለ። መ–በ በ10 ተወሰደና ብቻዋን ቀርታ የነበረችው በ ገባች። ስድስተኛው መስመር ይህ ነው፤ ሥራው አበቃ። ባለ 12ቱንና ባለ 13ቱን ማንም ዘወር ብሎ አላያቸውም። የተወሰዱት ሲደመሩ 33 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ።

ይህን አካሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው መጠራጠሩ ተገቢ ነው። ዛሬ የረከሰውን እየለቀሙ መሄድ ነገ ያልታሰበ ወጪ ውስጥ የሚከትበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በኮምፒውተር ሥራም አብዛኛው ስግብግብ ዘዴ የሚወድቀው በዚሁ ነው። እዚህ ግን አይወድቅም። ምክንያቱን ለማየት መ–ረ የተወሰደበትን ቅጽበት ማጤን ይበቃል።

በዚያ ቅጽበት ሀ፣ ለ እና መ አንድ ቡድን ናቸው። አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ «እኔ መ–ረን ሳልነካ ከ33 ያነሰ ዛፍ አለኝ» አለ እንበል። በእርሱ ዛፍ ውስጥም ከመ ተነሥቶ ረ የሚደርስ መንገድ መኖር አለበት፤ ያ መንገድ የሆነ ቦታ ላይ ከእነዚህ ሦስት መንደሮች ክልል መውጣቱ አይቀርም። ከክልሉ የሚያስወጡት መስመሮች ደግሞ የታወቁ ናቸው፤ መ–ረን ትተን ባለ 9ኙ ለ–ሰ፣ ባለ 10ሩ መ–በ እና ባለ 13ቱ ሀ–በ ብቻ ቀሩ። ተቃዋሚው የተጠቀመበትን አንዱን እንንቀልና በቦታው ባለ 8ቱን መ–ረን እንትከል። ሁሉም መንደር እንደተገናኘ ይቀራል፤ ሽቦው ግን ቢያንስ በአንድ ኪሎ ሜትር አጠረ። ስለዚህ የተቃዋሚው ዛፍ የመጨረሻው አጭር ሊሆን አይችልም ነበር። ይህ የመንቀልና የመትከል ክርክር ለተወሰደው ለእያንዳንዱ መስመር በተራ ይሠራል፤ ምክንያቱም ደርድረን ስለሄድን፣ አንድ መስመር ሁለት ቡድኖችን ሲያገናኝ ከዚያ ቡድን ለመውጣት ከእርሱ የረከሰ መስመር ገና አልቀረም።

ክርክሩ በቁጥሮቹ ቅደም ተከተል እንጂ በመጠናቸው ላይ አለመደገፉንም ልብ ይሏል። ኪሎ ሜትሩ ወደ ብር ተለውጦ ሁሉም ዋጋ ቢባዛ፣ ደረጃቸው እስካልተፋለሰ ድረስ የሚመረጡት ስድስቱ መስመሮች እነዚያው ናቸው። ሁለት መስመሮች እኩል ዋጋ ሲኖራቸው ግን ከአንድ በላይ ትክክለኛ ዛፍ ሊኖር ይችላል፤ ሁለት ሰዎች የተለያየ ዛፍ ይዘው ቢመጡና ድምራቸው አንድ ከሆነ ሁለቱም ልክ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት። ሰው ካርታውን አየት አድርጎ «ሀ እና መ ተገናኝተዋል» ይላል። ኮምፒውተር ካርታ አያይም። በእጁ ያለው የተወሰዱት መስመሮች ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ አዲስ መስመር በመጣ ቁጥር ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ በተወሰዱት መስመሮች ላይ እየተጓዘ ሌላው ጫፍ መድረስ አለመድረሱን ሊፈትሽ ይገደዳል። ለሰባት መንደር ቀልድ ነው። ሚሊዮን ነጥብና ብዙ ሚሊዮን መስመር ባለበት መረብ ግን ለእያንዳንዱ መስመር መረቡን ማሰስ ሥራውን ያቆመዋል።

ሁለተኛው ሐሳብ ለእያንዳንዱ ቡድን ቀለም መስጠት ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ መንደር የየራሱ ቀለም አለው፤ ሁለት ቡድን ሲቀላቀል አንደኛው በሌላኛው ቀለም ይቀባል። «ተገናኝተዋል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ቀለም ማወዳደር ብቻ ይበቃል፤ ይህ ግሩም ነው። ችግሩ ቅቡ ነው። አንድ ትልቅ ቡድን በየጊዜው አንድ አንድ መንደር እየተቀበለ፣ በዚያ ላይ ሁልጊዜ ትልቁ ወገን የሚቀባ ከሆነ፣ ለሚሊዮን መንደር የቅቡ ብዛት ወደ 500 ቢሊዮን ይጠጋል። ሁልጊዜ ትንሹ ወገን ይቀባ ከተባለ ነገሩ እጅግ ይሻላል፤ ቢሆንም ከዚህም የሚበልጥ አለ።

የሚበልጠው የመጣው ከኤሌክትሪክ መስመርም ከመንገድም አይደለም። በ1964 በርናርድ ጋለርና ማይክል ፊሸር ፎርትራን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ የሚነሣ አንድ ጣጣ ይፈቱ ነበር። ፎርትራን ላይ ፕሮግራመሩ «ይህ ስምና ያ ስም አንድ የማስታወሻ ቦታ ይጋሩ» ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ ትእዛዞቹ ሲበዙ የትኞቹ ስሞች በመጨረሻ አንድ ቡድን እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሰዎች ቡድኑን እንደ ዛፍ አድርገው አስቀመጡት፤ ከእነርሱ በፊት ከታተመው ዘዴ ጋር ሲነጻጸርም የሥራውን ጊዜ በ40 በመቶ እንደቀነሰ ዘገቡ። ይህ አወቃቀር ነው ዛሬ ዲስጆይንት ሴት ዩኒየን፣ በአጭሩም ዩኒየን ፋይንድ እየተባለ የክሩስካል አልጎሪዝም የማይለየው ጓደኛ የሆነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ መንደር አንድ የበላይ አለው፤ ከዚያ በላይ ምንም አይመዘገብም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም የራሱ የበላይ ነው። የራሱ የበላይ የሆነ መንደር የቡድኑ ተጠሪ ይባላል። አንድ መንደር የማን ቡድን እንደሆነ ለማወቅ የበላዩን፣ ከዚያም የበላዩን የበላይ እየጠየቁ ተጠሪው ጋ እስኪደርሱ መውጣት ነው። ሁለት መንደሮች ተጠሪያቸው አንድ ከሆነ ተገናኝተዋል፤ ከተለያየ አልተገናኙም። ሁለት ቡድን ለመቀላቀል ደግሞ የአንዱን ተጠሪ በሌላው ተጠሪ ሥር ማስገባት ነው። የሚለወጠው አንድ መዝገብ ብቻ ነው፤ የቀሩት አባላት አይነኩም።

በሰባቱ መንደሮች ላይ እንከተለው። መ–ለ ሲወሰድ መ በለ ሥር ገባ። ቀ–ሰ ሲወሰድ ቀ በሰ ሥር ገባ። ሀ–ለ ሲወሰድ ሀም በለ ሥር ገባ። ሀ–መ ሲመጣ የሀ ተጠሪ ለ፣ የመ ተጠሪም ለ፤ አንድ ናቸው፣ መስመሩ ተዘለለ። ካርታ ማየት አላስፈለገም፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጨረሰው። ረ–ሰ ሲወሰድ ረ በሰ ሥር ገባ፤ ረ–ቀ ሲመጣ ሁለቱም ሰን ይጠራሉና ተዘለለ። መ–ረ ሲመጣ የመ ተጠሪ ለ ነው፣ የረ ተጠሪ ሰ ነው፤ ይለያያሉ። መስመሩ ተወሰደ፣ ተጠሪው ለ ራሱ በሰ ሥር ገባ። ከዚህ በኋላ ሀ ተጠሪውን ለማግኘት ሁለት እርከን ይወጣል፤ መጀመሪያ ለ፣ ቀጥሎ ሰ። ለ–ሰ ሲመጣ ሁለቱም ወደ ሰ ያመራሉ፤ ተዘለለ። በመጨረሻም መ–በ መጣ፤ መ በለ በኩል ሰ ደረሰ፣ በ ገና የራሱ ተጠሪ ነው፣ ስለዚህ በ በሰ ሥር ገባ።

ይህ አወቃቀር ዝም ብሎ ከተተወ አንድ ድክመት አለው። ተጠሪዎቹ በዘፈቀደ ከተጣመሩ፣ አንዱ በሌላው ሥር፣ ያም በሌላው ሥር እየገባ እንደ ክር የረዘመ ሰንሰለት ሊፈጠር ይችላል። ሚሊዮን መንደር ባለበት የታችኛው ተጠሪውን ለማግኘት ሚሊዮን ሊጠጋ የሚችል እርከን ይወጣል ማለት ነው፤ ያኔ ከመጀመሪያው አሰሳ በምን ተሻለ?

መከላከያው ሁለት ነው፣ ሁለቱም አጫጭር ናቸው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ትንሹን ቡድን በትልቁ ሥር ማስገባት ነው። በ–ሰ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ባለ ስድስቱ ቡድን ከብቸኛዋ በ በላይ ሆነ። ይህ ሕግ ከተከበረ አንድ መንደር አንድ እርከን ዝቅ በሚልበት ጊዜ ሁሉ የሚገኝበት ቡድን ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። ከአንድ ጀምሮ እጥፍ እጥፍ እያለ ሚሊዮንን ለማለፍ 20 ጊዜ መታጠፍ ይበቃል። ስለዚህ በሚሊዮን መንደር ውስጥ ከ20 በላይ እርከን የሚወጣ አይኖርም።

ሁለተኛው መከላከያ ሲወጡ መንገዱን ማሳጠር ነው። መ ተጠሪውን ፍለጋ በለ በኩል ሰ ከደረሰ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና በለ በኩል ለምን ይዙር? የመ የበላይ ቀጥታ ሰ ተብሎ ይመዝገብ። ይህን የሚያደርገው ኮድ በፓይተን ከአምስት መስመር አይበልጥም።

```
def find(x):
    while parent[x] != x:
        parent[x] = parent[parent[x]]
        x = parent[x]
    return x
```

መሃል ላይ ያለችው መስመር የእያንዳንዱን የበላይ ወደ በላዩ የበላይ ታሸጋግራለች፤ የቀሩት መስመሮች ወደ ላይ መውጣት ብቻ ናቸው። ሁለቱ መከላከያዎች አንድ ላይ ሲሠሩ የሚገኘው ፍጥነት ለረጅም ጊዜ በትክክል ሳይታወቅ ቆይቶ ሮበርት ታርጃን በ1975 ወሰኑን አወጣ። አንዱ ጥያቄ በአማካይ የሚፈጀው ሥራ ከነጥቦቹ ብዛት ጋር ማደጉ አይቀርም፤ ነገር ግን እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ከመሆኑ የተነሣ እድገቱን የሚለካው ቁጥር በዚህ ዓለም ሊያጋጥም ለሚችል ማንኛውም ብዛት ከ4 አያልፍም። ያን ያህል ቀላል ኮድ ያን ያህል እንግዳ የሒሳብ ወሰን መውለዱ ዛሬም የሚያስገርም ነው። በተግባር ሲታይ ዙር የመለየቱ ሥራ ከሞላ ጎደል በነጻ ያልቃል፤ ጊዜውን የሚበላው መጀመሪያ ላይ መስመሮቹን መደርደሩ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጀማሪ ፕሮግራመሮች እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚወድቁበት አንድ ጉድጓድ አለ፤ አደገኛ የሚያደርገውም ውጤቱ ልክ መምሰሉ ነው። ማቀላቀል ማለት ተጠሪን በተጠሪ ሥር ማስገባት መሆኑ ተዘንግቶ ራሱ መንደሩ በመንደሩ ሥር ይገባል። በኮድ ሲጻፍ ልዩነቱ ይህቺ ናት፤ የላይኛው ስሕተት ነው፣ የታችኛው ልክ።

```
parent[a] = b
parent[find(a)] = find(b)
```

ስሕተቱን ይዘን በሰባቱ መንደሮች ላይ እንሂድ። እስከ መ–ረ ድረስ ምንም ልዩነት አይታይም፤ ምክንያቱም እስከዚያ የተቀላቀሉት ሁሉ ራሳቸው ተጠሪዎች ነበሩ። መ–ረ ሲደርስ ግን ለ በሰ ሥር መግባት ሲገባው መ ብቻውን ከለ ተነጥሎ በረ ሥር ይገባል። ሀ እና ለ ጥለውት የሄደውን መን ሳያውቁ ለብቻቸው ይቀራሉ። ቀጥሎ ባለ 9ኙ ለ–ሰ ይመጣል፤ የለ ተጠሪ ለ፣ የሰ ተጠሪ ሰ፣ ስለዚህ «አልተገናኙም» ተብሎ መስመሩ ይወሰዳል። በእውነት ግን ለ ከመ፣ መ ከረ፣ ረ ከሰ ጋር በሽቦ ተገናኝተዋል፤ አሁን ዙር ተፈጠረ። የተወሰዱት መስመሮች ስድስት ስለሞሉ ፕሮግራሙ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ያቆማል። ድምሩ 32 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከትክክለኛው በአንድ ያነሰ። ገንዘብ ያዡ ይደሰታል። የበ ነዋሪዎች ግን ጨለማ ውስጥ ናቸው፤ ወደ እነርሱ የሚሄድ አንድም መስመር አልተወሰደም።

ስለዚህ የመስመሮቹን ብዛት መቁጠር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አስተማማኙ ፍተሻ ሲያልቅ ስንት ተጠሪ እንደቀረ መቁጠር ነው። መልሱ አንድ መሆን አለበት፤ በዚህ ስሕተት ግን ሰ እና በ፣ ሁለት ሆነው ይገኛሉ። ስሕተት በሌለበት ፕሮግራምም ቢሆን መስመሮቹ አልቀው ከአንድ በላይ ተጠሪ ከቀረ ጥፋቱ የካርታው ነው፤ ከቀያሾቹ ዝርዝር ውስጥ ሁሉን የሚያገናኝ መንገድ ከመጀመሪያውም አልነበረም ማለት ነው።

የተገኘው ዛፍ ምን እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ጠቅላላ ሽቦውን ያሳንሳል እንጂ በሁለት መንደሮች መካከል ያለውን ጉዞ አያሳጥርም። ከቀ ተነሥቶ በ ለመድረስ በዛፉ ላይ በሰ፣ በረ እና በመ በኩል 27 ኪሎ ሜትር ይኬዳል፤ ያልተወሰደው ቀጥተኛ መስመር ደግሞ 12 ብቻ ነበር። ለመንገድ ሥራ ይህ ዛፍ ክፉ አማካሪ የሚሆነው ለዚህ ነው። ትርፍ መስመር ስለሌለው አደጋንም አይችልም፤ መ–ረ በዛፍ መውደቅ ቢበጠስ ረ፣ ሰ እና ቀ ከቀሩት አራት መንደሮች ይቆረጣሉ፣ ዞሮ የሚያደርስ መንገድም የለም። እውነተኛ የኤሌክትሪክና የስልክ መረቦች ሆን ተብሎ ዙር የሚተውላቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላም ወሰን አለ። ክሩስካል የሚመርጠው ከተሰጡት መስመሮች ውስጥ ብቻ ነው፤ ከመንደሮቹ ውጭ ሜዳ ላይ አዲስ መገናኛ ምሰሶ መትከል አያውቅም። ሦስት መንደሮች እርስ በርስ በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢገኙ የእርሱ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ነው። መሃላቸው ላይ አንድ ምሰሶ ተተክሎ ሦስቱም ወደዚያ ቢሳቡ ግን 17.3 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ያን የመሰለውን ምርጥ የምሰሶ ቦታ ለብዙ መንደሮች መፈለግ እጅግ ከባድ ችግር ነው፤ የክሩስካል ቅልጥፍና እዚያ አይደርስም።

መስመሮቹ ከልክ በላይ ሲበዙም ተቀናቃኝ አለው። አሥር ሺህ ነጥቦች ሁሉም ከሁሉም ጋር መገናኘት ቢችሉ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ መስመሮች ይኖራሉ፤ እነዚያን ሁሉ በማስታወሻ ይዞ መደርደር ውድ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቼካዊው ቮይትየህ ያርኒክ በ1930፣ ኋላም በ1957 አሜሪካዊው ሮበርት ፕሪም ያቀረቡት ዘዴ ይመረጣል፤ እርሱ ከአንድ መንደር ተነሥቶ ዛፉን ጎረቤት በጎረቤት ያሳድጋል፣ ሁሉንም መስመር አስቀድሞ መደርደር አያስፈልገውም።

የክሩስካልን መንገድ ሌሎቹ የማይተኩበት አንድ ሥራ ግን አለ፤ እርሱም ከመጨረሻው ቀደም ብሎ ማቆም ነው። ሰባቱ መንደሮች ላይ አራት መስመር ከተወሰደ በኋላ ሥራው ቢቋረጥ ሦስት ተጠሪዎች ይቀራሉ፤ ሀ፣ ለ እና መ በአንድ ወገን፣ ረ፣ ሰ እና ቀ በሌላ ወገን፣ በ ለብቻዋ። ማንም «ቡድኖቹን ለይ» ሳይለው ካርታው ራሱ የተከፋፈለበትን መንገድ አወጣ። በሺህ የሚቆጠሩ መረጃዎችን እንደየመቀራረባቸው መመደብ የሚፈልጉ ሰዎች የሚጠቀሙበት አንዱ ዘዴ ይኸው ነው፤ በኪሎ ሜትር ፈንታ የመመሳሰል መጠን ይገባል፣ የሚፈለገው የቡድን ብዛት ሲደርስ ይቆማል። በዚህ መልኩ የተገኙት ቡድኖች በመካከላቸው ያለው አጭሩ ርቀት ሊኖር የሚችለው ትልቁ መሆኑም የተረጋገጠ ነው። የሚጠቀሙበት ሰዎች የሚጠነቀቁት ግን በሁለት ትልልቅ ቡድኖች መካከል እንደ ድልድይ ተደርድረው የሚገኙ ጥቂት ነጥቦችን ነው፤ እነዚያ ነጥቦች እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ መስመራቸው ቀድሞ ይወሰዳል፣ ጨርሶ የማይመሳሰሉት ሁለቱ ወገኖችም በአንድ ተጠሪ ሥር ይገባሉ።